የደንበኛ ጉዞ ካርታ፦ ከሐይቅ ወጥቶ በደሴ መናኸሪያ የአዲስ አበባ ትኬት መቁረጥ

ተጓዧ፦ ሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ የ52 ዓመት እናት። ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳለች፣ አራስ ሊጠይቁ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጀሪካን ቅቤና አንድ ከረጢት የገንፎ ዱቄት ይዘዋል። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። የታተመ ጽሑፍ ያነባሉ፣ የእጅ ጽሑፍ ግን ይከብዳቸዋል።

የሚፈልጉት፦ ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ልጃቸው ቤት መግባት።

ካርታው ለማን ነው፦ ለትኬት ቆራጮች፣ ለረዳቶችና ለተራ አስከባሪዎች። ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለእኛ ሽያጩ ወረቀቱ ሲቆረጥ ያልቃል። ለእሳቸው የሚያልቀው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ሰዓት ማንም የእኔ ነው አይልም፣ ብዙው ጭንቀት ያለውም እዚያ ነው።

## ባጭሩ

| ደረጃ | መቼ | የሚያደርጉት | ስሜታቸው | የሚያስቸግራቸው |
|---|---|---|---|---|
| 1. ማጣራት | ረቡዕ ማታ | ዘመድ ጋ ይደውላሉ | ስጋት | እርግጠኛ መረጃ የለም |
| 2. ደሴ መድረስ | ሐሙስ ጠዋት | ሚኒባስ ይሳፈራሉ | ጥድፊያ | ትኬት ያልቃል የሚል ፍርሃት |
| 3. መስኮቱን መፈለግ | ሐሙስ 3 ሰዓት | በደላላ መሀል ያልፋሉ | ግራ መጋባት | የትኛው ትክክለኛ ሻጭ እንደሆነ አይታወቅም |
| 4. መቁረጥ | ሐሙስ 4 ሰዓት | ከፍለው ወረቀት ይቀበላሉ | እፎይታ | የማይነበብ ጽሑፍ |
| 5. ማደር | ሐሙስ ማታ | የወንድማቸው ልጅ ቤት ያድራሉ | ጥርጣሬ | የሰዓት ውዥንብር |
| 6. መሳፈር | ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት | ዕቃ ያስጭናሉ፣ ወንበር ይይዛሉ | ንዴት፣ ከዚያ ዕረፍት | የዕቃ ሒሳብ፣ የወንበር ጭቅጭቅ |

የስሜት መስመር፦ ስጋት ↓ ጥድፊያ ↓ ግራ መጋባት ↑ እፎይታ ↓ ጥርጣሬ ↓ ንዴት ↑ ዕረፍት

መስመሩን ልብ በሉልኝ። እፎይታው መጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተጨነቀ የሚያድር ከሆነ የሸጥንለት ነገር ገና አልደረሰውም ማለት ነው።

## ደረጃ 1 እና 2፦ ከቤት እስከ ደሴ

«ለነገ ወዲያ መኪና አለ ይሆን?» ይላሉ። የሚጠይቁት የወንድማቸውን ልጅ ነው፣ እሱም ጓደኛውን ይጠይቃል። መናኸሪያ ደውሎ የሚጠየቅ ስልክ አያውቁም። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ራሱ አያስቸግርም። የሚያስጨንቃቸው ደርሰው «አልቋል» መባሉ ነው።

ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አይደለም። በአረፋ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን ወንበር እንደማይገኝ የወሎ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ሲያበቃ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሕዝብ ደሴ ላይ ይጨናነቃል።

ምን ይደረግ፦ አንድ ስልክ ቁጥር። ትኬቱ ጀርባ ላይ ይታተም፣ አንድ ሰው ያንሳው።

## ደረጃ 3፦ መስኮቱን መፈለግ

ገና በሩን ሳይዘልቁ ሁለት ልጆች ሻንጣቸውን ይይዛሉ። «አዲስ አበባ! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። አንዱ «እማማ፣ እኔ ላስቆርጥልዎት» ይላል፣ ሌላው እጃቸውን ይጎትታል። እሳቸው የሚያስቡት መቀነታቸው ውስጥ ስለቋጠሩት ብር ነው።

እዚህ ላይ ደላላውን ብቻ ማማረር ልክ አይመስለኝም። ደላላ የሚሠራው እኛ በተውነው ክፍተት ነው። መስኮቱ ላይ የመስመሩ ስም በትልቁ ተጽፎ፣ የዕለቱ ታሪፍ ከነቀኑ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። አሁን ታሪፉ የተለጠፈው ከመስታወቱ ውስጥ ነው፣ ያውም የቆራጩ ወንበር እየጋረደው።

ምን ይደረግ፦ ታሪፉ ከደጅ፣ በዓይን ከፍታ ይለጠፍ። ተራ አስከባሪው መለያ ልብስ ለብሶ በሩ ላይ ይቁም።

## ደረጃ 4፦ መቁረጥ

ተራቸው ሲደርስ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ቆራጩ ትሁት ነው፣ «አብሽሩ እማማ፣ ይደርስዎታል» ይላቸዋል። ይቺ አንዲት ቃል ከጠዋት ጀምሮ የያዛቸውን ጭንቀት ታወርዳለች። በካርታው ላይ የምናመሰግነው ቦታ ይህ ነው፣ ማንም እንዳይነካው።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ከሥሩ ካርቦን ተደርጎ የተጻፈ ስለሆነ ለተጓዥ የሚሰጠው ቅጂ ፈዛዛ ነው። የወንበር ቁጥሩ 11 ይሁን 17 አይለይም። የሰሌዳ ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው፣ መኪናው ገና አልተመደበማ። ሰዓቱ «11:30» ይላል፣ የሌሊት ይሁን የቀን አልተጻፈም። ቆራጩ በቃሉ ነግሯቸዋል፣ ግን ከኋላ ሰልፈኛው ሲጮህ ምን ያህሉን ሰሙት?

ምን ይደረግ፦ ዋናው ቅጂ ለተጓዥ፣ ካርቦኑ ለቢሮ። የወንበር ቁጥሩ ይከበብ። «ከሌሊቱ» የሚለው ቃል በትኬቱ ላይ አስቀድሞ ይታተም።

## ደረጃ 5፦ ማደር

ማታ የወንድማቸው ልጅ ትኬቱን ያያል። እሱ ባለፈው በስልኩ ቆርጦ በቴሌብር ነው የከፈለው፣ ስክሪኑ ላይም 05:30 ነበር የሚለው። «አምስት ሰዓት ተኩል ነው እንዴ?» ብለው ይደነግጣሉ። እዚህ ቤት ሁለት አቆጣጠር ተገናኘ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት፣ ወረቀቱ በሀበሻ ሰዓት። ስልኩን በሀበሻ ያነበበ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መናኸሪያ ይደርሳል፣ መኪናው ያኔ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ሄዷል።

በጥርጣሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳሉ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በጋቢም አይመከትም።

ምን ይደረግ፦ በስልክ የሚቆረጥም ሆነ በወረቀት፣ ሰዓቱ በሀበሻ ይጻፍ፣ «ከሌሊቱ» ይጨመርበት። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ሲመደብ ማታውኑ በአማርኛ አጭር መልእክት ይላክ። ባለ ቁልፍ ስልክ መልእክት ይቀበላል።

## ደረጃ 6፦ መሳፈር

ጨለማ ነው፣ መኪኖቹ ተደርድረዋል፣ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም። ያገኙት ረዳት «ጀሪካኑ ለብቻ ይከፈልበታል» ይላል። ስንት? እንደ ረዳቱ። ደረሰኝ? የለም። ሲገቡ ወንበራቸው ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል፣ ትኬቱ የእሳቸውን ቁጥር ይመስላል። የደረጃ 4 ፈዛዛ ካርቦን እዚህ መጥቶ ጠብ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ጎልማሳው ተነስቶ «ይቀመጡ እናቴ» ይላል። ችግሩን የፈታው የሰውየው ጨዋነት ነው፣ ተጓዥ ጨዋ ባይሆን ግን የእኛ አሠራር ምንም አያድናቸውም ነበር።

ምን ይደረግ፦ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ መድረሻና ሰዓት ይለጠፍ። የዕቃ ዋጋ ከታሪፉ ጎን ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይኑረው።

## ከሰኞ ጀምሮ

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አንችልም። ገንዘብ የማይጠይቁት ሦስቱ ይቅደሙ፦

- ትኬት ቆራጮች፦ ዋናውን ቅጂ ለተጓዥ መስጠት፣ ወንበሩን ማክበብ፣ «ከሌሊቱ» ብሎ መጻፍ።
- ተራ አስከባሪዎች፦ ታሪፉን አውጥቶ ደጅ መለጠፍ።
- ረዳቶች፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የመድረሻውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ማድረግ።

ስልክ ቁጥሩና አጭር መልእክቱ በጀት ይፈልጋሉ፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይቀርባሉ።