ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ገድሎ የኛን ሴል ለምን አይነካም?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የአንደኛ አመት ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር አልገባኝም፣ ባክቴሪያም ሴል ነው የኛም ሴል ነው፣ ሁለቱም ሜምብሬን አላቸው፣ ዲኤንኤ አላቸው፣ ፕሮቲን ይሰራሉ፣ ታዲያ ፔኒሲሊን በደም መላ ሰውነት እየዞረ ባክቴሪያውን ብቻ ለይቶ የሚገድለው እንዴት ነው? ሀንድአውቱ "የሴል ዎል ስራ ያስቆማል" ብሎ ነው የሚያልፈው። ግን አዲስ ግድግዳ መስራት ቢያቆምስ፣ ያለው አይበቃውም?

መልስ፦ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ናት ዋናዋ፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቃት ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። ፔኒሲሊን መርጦ የሚገድል ብልህ ነገር አይደለም፣ የኛ ሴል ጋ ሲደርስ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ነው የሚያልፈው። የባክቴሪያ ግድግዳ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር ነው የተሰራው፣ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር ፔፕታይድ ተያይዘው እንደ መረብ ሴሉን ይከቡታል። እኛ ጋ ይሄ ነገር ጭራሽ የለም፣ ሴላችን ሜምብሬን ብቻ ነው ያለው።

መረቡን የሚያስረው ኢንዛይም ትራንስፔፕቲዴዝ ይባላል። ኢንዛይሙ የሚፈልገው ፔፕታይዱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ዲ-አላኒኖች ነው (የኛ ፕሮቲን የሚሰራው በኤል አሚኖ አሲድ እንደሆነ አስታውስ)። ፔኒሲሊን ቅርፁ እነሱን ይመስላል፣ ኢንዛይሙ ተሸውዶ ይይዘዋል፣ በዚህ ጊዜ ባለ አራት ማዕዘኑ ቤታ-ላክታም ቀለበት ይከፈትና ኢንዛይሙ ላይ በኮቫለንት ቦንድ ይጣበቃል፣ በቃ ያ ኢንዛይም ከስራ ውጪ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ያለው ግድግዳ ለምን አይበቃውም? ባክቴሪያው ለማደግና ለመከፈል የራሱን ግድግዳ ሁሌ በኢንዛይም እየቆረጠ አዲስ ይቀጥላል። ፔኒሲሊን መቀጠሉን እንጂ መቁረጡን አያስቆምም። ስለዚህ መረቡ እየሳሳ ይሄዳል፣ ውስጡ ደግሞ ከውጪው የበለጠ የሟሟ ነገር የተጠራቀመበት ስለሆነ ውሃ በኦስሞሲስ እየገባ ይገፋል፣ ካላማዳሪያን ከጎማው አውጥተህ ዝም ብለህ ስትነፋው የሚሆነውን ታውቃለህ፣ ይፈነዳል። የኛ ሴል የሚኖረው ጨው መጠኑ በተመጣጠነ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ያለ ግድግዳም አይፈነዳም።

ከዚህ የምትረዳው ሌላ ነገር አለ፣ እያደገ ያልሆነ ባክቴሪያ ግድግዳውን ስለማይቆርጥ ፔኒሲሊን ብዙም አይጎዳውም። እድገት ብቻ የሚያቆሙ እንደ ቴትራሳይክሊን ያሉ መድሃኒቶች አብረው ሲሰጡ የፔኒሲሊንን ስራ ሊያዳክሙ የሚችሉትም ለዚህ ነው።

"አይነካንም" ስንል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። አለርጂ ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል፣ ያ ግን የራሱ የሰውየው ኢሚውን ሲስተም ስራ ነው፣ ከግድግዳ ጋር አይገናኝም። አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም አይምራቸውም፣ ግድግዳ አላቸዋ።

ነገሩ ግድግዳው እንደሆነ ማረጋገጫ ከፈለግክ ማይኮፕላዝማን እይ። ባክቴሪያ ነው፣ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ግን በተፈጥሮው ግድግዳ የለውም፣ ፔኒሲሊን የፈለግከውን ያህል ብትሰጠው ምንም አይሆንም።