ሽቦ ላይ የተሰቀሉት ቀዳዳዎች

ጋሼ ሱቅ ከገባችሁ ከማሽኑ በላይ አንድ ሽቦ ተወጥሯል፣ ሽቦው ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተሰክቷል፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ የተበላሸ የቁልፍ ቀዳዳ አለ። ሁሉም የኔ ነው። ጅማ መርካቶ ሰው ዝናብ ሊያሳልፍ ሲጠለል ቀና ብሎ ያያቸውና «ይሄ ደሞ ምንድነው?» ይላል፣ ጋሼም ማሽኑን ሳያቆም «የሱ ትምህርት ቤት ነው» ብሎ በአገጩ ወደኔ ይጠቁማል። ምን ያህል እንደማፍር አትጠይቁኝ።

ሌላው ልብስ ሰፊ ቀዳዳውን ማሽን ላይ ጣል አርጎ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይገላገለዋል። ጋሼ ግን ለኮት በእጅ ካልሆነ አይሆንለትም። «ማሽን ሰፍቶ ይቆርጣል፣ እጅ ቆርጦ ይሰፋል» ነው የሚለው። መጀመሪያ ስሰማው ለመመጻደቅ የሚላት ነገር መስላኝ ነበር። ኋላ ስይዘው ነው የገባኝ፣ ለካ አንዴ መቀሱን ካስገባህ መመለሻ የለም።

ስራው ሲያዩት ቀላል ነው። በሳሙና ታሰምራለህ፣ ርዝመቱ የቁልፉ ስፋትና ውፍረቱ ተደምሮ ነው፣ ትቆርጣለህ፣ ጠርዙን ስስ አርገህ ትዘመዝማለህ፣ ወፈር ያለ ክር ጠርዙን አስይዘህ ታጋድማለህ፣ ከዛ ሰም በጠጣ ክር ትሰፋዋለህ። መርፌዋን ሳትጎትታት የክሩን ጭራ ከስሯ ታዞራለህ፣ ስትጎትት ጠርዙ ላይ ትንሽዬ ቋጠሮ ትቀመጣለች። ከጎኗ ሌላ። ከጎኗ ሌላ። በቃ ይሄው ነው።

በቃ ይሄው ነው ስል ግን አራት ወር ፈጅቶብኛል። አንዱ ረዘመና ቁልፉ በራሱ እየወጣ አስቸገረ፣ አንዱ አጠረ፣ አንዱ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ጋሼ አይቶት «ይሄ እያዛጋ ነው፣ ቡና ስጠው» አለ። ሰም ረስቼ ክሩ የተበጣጠሰብኝም አለ። ከሁሉ የባሰው ግን የሰው ሰደርያ ላይ ነው፣ ጋሼ ሻይ ሊጠጣ ወጣ ሲል ላስደንቀው ብዬ በቀኝ በኩል ቆረጥኩት። የወንድ ደሞ በግራ ነው! ጋሼ ሲመለስ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ጣቃውን አውርዶ አዲስ የፊት ቁራጭ ቆረጠና እስከ ማታ አላናገረኝም። ያን ቀን እስከ አዌቱ ድልድይ በእግሬ ሄጄ በቃ ነገ ባጃጅ መንዳት እማራለሁ ብዬ ወስኜ ነበር፣ ጠዋት ግን እናቴ ቁርስ አቅርባ «ጋሼን ሰላም በልልኝ» ስትለኝ ምን ልበላት፣ ሄድኩ።

የመጣልኝ ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው መብራት ጠፋ፣ ጋሼ ሻማ ፍለጋ ወጣ፣ እኔ ግማሽ የደረሰ ቀዳዳ ይዤ ጨለማ ውስጥ ቀረሁ። ልተወው አልኩና እጄ ዝም ብሎ ቀጠለ። ማየት ስለማልችል እያንዳንዷን ቋጠሮ በአውራ ጣቴ ጥፍር መፈለግ ጀመርኩ፣ ያኔ ነው ያወቅኩት፣ እስከዛሬ ክሩን ወደራሴ ነበር ስጎትት የኖርኩት፣ ቋጠሮዋም ተከትላ ከጠርዙ ወደ ጨርቁ ትወርዳለች። ቀጥ አርጌ ወደላይ ሳብኳት። ጠርዙ ላይ ቁጭ አለች። ሌላዋም። በጥፍሬ ስሄድባቸው እንደተደረደረ ጤፍ ኮርኮር ኮርኮር ይላሉ።

ጋሼ ሻማውን ለኩሶ ጨርቁን ተቀበለኝ። ገለበጠው፣ ቁልፍ አስገባ፣ አወጣ፣ ደግሞ አስገባ። እኔ ሽቦውን ነው የማየው፣ አሁን ይሰቅለዋል ብዬ። እሱ ግን ኪሱ ከተተው። ምንም አላለም ሰውየው!

በሳምንቱ ከአጋሮ የመጡ አንድ አባት ለልጃቸው ሰርግ ያሰፉትን ኮት ሊወስዱ መጡ። ሶስቱንም ቀዳዳ የሰራሁት እኔ ነኝ። መስታወቱ ፊት ቆመው ስለ ሰርጉ እያወሩ፣ ስንት ሰንጋ እንደሚታረድ እያወሩ፣ እጃቸውን እንኳን ሳያዩት የላይኛውን ቆለፉ፣ መሀለኛውን ቆለፉ። ትንፋሼን ይዣለሁ። እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ ትከሻው ይጠባል ወይ ብለው ጋሼን ጠየቁ፣ ከፈሉ፣ «ገለቶማ» ብለው ኮቱን እንደለበሱ ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ጋሼ ከማሽኑ ስር ሌላ ኮት አውጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

«ይሄ የእጅጌም አለው» አለ። «በአንድ እጅ አራት አራት። ሰሙ መሳቢያው ውስጥ ነው።»