የ2ኛ ዓመት 1ኛ ሴሚስተር የትምህርት ውጤትና የክትትል ሪፖርት

ቁጥር፦ ተድ/047/17
ቀን፦ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም

ለነጻ የትምህርት ዕድል ስፖንሰራችን

ጉዳዩ፦ የመለያ ቁጥሯ 0316/16 የሆነው የአካውንቲንግ ተማሪ የሴሚስተር ውጤትና የክፍል ክትትልን ስለማሳወቅ

በስምምነታችን መሠረት በየሴሚስተሩ መጨረሻ የምንልከውን ሪፖርት እነሆ አቅርበናል። እንደተለመደው ተማሪዋን በስሟ ሳይሆን በመለያ ቁጥሯ እንጠቅሳለን። ረቂቁን አስቀድማ አንብባ መረጃው ለእርስዎ እንዲደርስ በፊርማዋ ፈቅዳለች።

በአጭሩ ተማሪዋ ዕድሉን ለማስቀጠል የሚያስፈልጉትን ሁለቱንም መስፈርቶች አሟልታለች። ስምምነቱ የሚጠይቀው ድምር ጂፒኤ 3.00 ሲሆን የእሷ 3.37 ነው። ለአጠቃላይ የክፍል ክትትል የተቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን 85 በመቶ ሲሆን እሷ 93 በመቶ ተከታትላለች። ይሁን እንጂ በአንድ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ከሌሎቹ በጣም የራቀ ስለሆነ አብዛኛው ማብራሪያችን እሱን ይመለከታል።

የሴሚስተሩ ውጤት (በ16 ሳምንት የተሰጡ 19 ክሬዲቶች)

መካከለኛ አካውንቲንግ አንድ፦ 4 ክሬዲት፣ ቢ+፣ ከ64 ክፍለ ጊዜ 61 ተገኝታለች (95 በመቶ)
ኮስት አካውንቲንግ፦ 3 ክሬዲት፣ ኤ-፣ ከ48 ክፍለ ጊዜ 47 (98 በመቶ)
የንግድ ሕግ፦ 3 ክሬዲት፣ ኤ፣ ከ48 ክፍለ ጊዜ 46 (96 በመቶ)
ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፦ 3 ክሬዲት፣ ቢ፣ ከ48 ክፍለ ጊዜ 45 (94 በመቶ)
የእንግሊዝኛ የጽሑፍ ክህሎት፦ 3 ክሬዲት፣ ቢ+፣ ከ48 ክፍለ ጊዜ 47 (98 በመቶ)
ቢዝነስ ስታቲስቲክስ፦ 3 ክሬዲት፣ ሲ፣ ከ48 ክፍለ ጊዜ 38 (79 በመቶ)

የሴሚስተሩ ጂፒኤ 3.30 ነው። ባለፈው ዓመት በ1ኛው ሴሚስተር 3.36፣ በ2ኛው 3.44 አግኝታ ስለነበር ቁጥሩ በጥቂቱ ወርዷል። የወረደውም ሙሉ በሙሉ በስታቲስቲክስ ምክንያት ነው። በቀሩት አምስት ትምህርቶች ብቻ ቢሰላ ውጤቷ እስካሁን ካስመዘገበችው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ባለፈው ሪፖርታችን ተማሪዋ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ መጀመሯን ገልጸን ነበር። እርስዎም በመልስዎ ሥራው የጥናት ጊዜዋን እንዳይሻማባት ስጋትዎን ጽፈውልናል። የስታቲስቲክሱ ነገር ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሆነውን በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

በ5ኛው ሳምንት የትምህርት ክፍሉ በመምህር ድልድል ምክንያት የስታቲስቲክስን የሁለት ሰዓት ትምህርት ከሰኞ ጠዋት ወደ ማክሰኞ ከሰዓት አዛወረው። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ የእሷ የቤተ መጻሕፍት ተራ ነበር። ተራው እንዲቀየርላት ከመጠየቅ ይልቅ ከጓደኞቿ ማስታወሻ እየተዋሰች ለመቀጠል በመሞከሯ በ5ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት በድምሩ 6 ክፍለ ጊዜ ቀረች። እነዚያ ሳምንታት የፕሮባቢሊቲ ስርጭቶች የሚሰጡባቸው ሲሆኑ፣ በኋላ የሚመጡት ምዕራፎች በሙሉ የሚቆሙት በዚያ ላይ ነው። በ8ኛው ሳምንት በተሰጠው የአጋማሽ ፈተና ከ30 ያገኘችው 11 ነበር። የክፍሉ አማካይ 19 ነው።

ውጤቱ እንደወጣ አማካሪ መምህሯ ጠርተው አነጋገሯት። ለምን እንዳልተናገረች ስትጠየቅ፣ ሥራውን የሚሹ ብዙ ተማሪዎች በመኖራቸው ቅሬታ ያቀረበች መስሎ እንዳይታይባት ፈርታ እንደነበር ገልጻለች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በበኩላቸው በዚያው ሳምንት ተራዋን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ቀየሩላት። ከ9ኛው ሳምንት ጀምሮ የትምህርት ክፍሉ ረዳት መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ በሚሰጡት የሁለት ሰዓት ቲቶሪያል ተመዝግባ ከታመመችበት ሳምንት በቀር አንድም ጊዜ አልቀረችም።

በመጨረሻው ፈተና ከ50 ያገኘችው 31 ሲሆን የክፍሉ አማካይ 30 ነበር። ከ20 የሚያዘው የቤት ሥራና የአጫጭር ፈተናዎች ውጤቷ 14 ነው። ድምሩ 56 ስለመጣ ውጤቷ ሲ ሆኗል። መምህሯ ነጥብ እንዲጨመርላት አልተጠየቁም፣ እሷም አልጠየቀችም። ከአማካዩ በስምንት ነጥብ ዝቅ ብላ የነበረች ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ከአማካዩ መድረሷን ግን ፊደሉ ብቻውን አይናገርም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ማካተት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቀሪዎቹን መቅረቶች በተመለከተ፣ በ11ኛው ሳምንት ታማ በአራት ትምህርቶች በድምሩ 10 ክፍለ ጊዜ አልተገኘችም፤ ከእነዚህ 3ቱ የስታቲስቲክስ ናቸው። የጤና ጣቢያ ማስረጃ አቅርባ በሬጅስትራር ተመዝግቧል። የሕመሙ ዓይነት የግል ጉዳይ በመሆኑ በዚህ ሪፖርት አይካተትም። በዚያ ሳምንት ያመለጣት ፈተና የለም፤ የማይክሮ ኢኮኖሚክስ አንድ የቤት ሥራ በመምህሩ ፈቃድ ዘግይታ አስረክባለች። ምክንያት ያልቀረበባቸው 4 ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ሲሆኑ በአራት የተለያዩ ትምህርቶች የተበታተኑ ናቸው። በስታቲስቲክስ የነበራት 79 በመቶ ክትትል ኮሌጁ ለእያንዳንዱ ትምህርት ለፈተና መቀመጫ ከሚጠይቀው 75 በመቶ በላይ ስለሆነ ለፈተና የመቀመጥ መብቷ አልተነካም።

ስለ ጥንካሬዋም ጥቂት እንበል። የንግድ ሕግ መምህሯ በጽሑፍ በሰጡት አስተያየት የውል ጉዳዮችን ስትተነትን ድንጋጌውን ከመጥቀስ አልፋ ለምን እንደተደነገገ እንደምትጠይቅ ገልጸዋል። በኮስት አካውንቲንግ የቡድን ሥራ የቡድኑን የወጪ ድልድል ሰንጠረዥ ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ መምህሩ ሰንጠረዡን ለሌላው ክፍል በምሳሌነት አሳይተውታል። አካውንቲንግ እንደሚስማማት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስንገምት ነበር፣ አሁን ግምታችን ተጠናክሯል።

በሚቀጥለው ሴሚስተር 17 ክሬዲት ትወስዳለች። ከእነዚህ መካከል ስታቲስቲክስን መነሻ የሚያደርገው የቁጥር ትንተና ዘዴዎች ይገኝበታል። በሲ ማለፍ ለምዝገባ ይበቃል፤ በእኛ አስተያየት ግን ለትምህርቱ አይበቃም። ስለሆነም ከረዳት መምህሩ ጋር የጀመረችው ቲቶሪያል እንዲቀጥልና የፕሮባቢሊቲ ምዕራፎቹን በእረፍቱ ጊዜ እንድትከልስ ከአማካሪዋ ጋር ተስማምታለች። የመልመጃ ጥያቄዎቹን ወስዳለች፤ ትምህርት ሲጀመርም በመጀመሪያው ሳምንት ሠርታ ታስረክባለች።

የቤተ መጻሕፍት ሥራውን እንድታቆም አልመከርንም። ችግሩ የመጣው ከሥራው ብዛት ሳይሆን ከሰዓቱ መጋጨት ነው፤ ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ሥራዋን እየሠራች ውጤቷ መሻሻሉም ይህን ያሳያል። ሆኖም የሥራ ሰዓቷ በሳምንት ከ8 እንዳይበልጥና ከትምህርት ፕሮግራሟ ጋር አስቀድሞ እንዲመሳከር ወስነናል። ዝቅ ያለ ወሰን እንዲቀመጥ ከፈለጉ ምዝገባው ከመጠናቀቁ በፊት፣ ማለትም እስከ የካቲት 24 ቀን ድረስ ቢያሳውቁን ፕሮግራሙን በዚያ መሠረት እናስተካክላለን።

ከላይ በቀረበው መሠረት ድጋፉ ለ2ኛው ሴሚስተር ያለ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ እንዲቀጥል ኮሌጁ የድጋፍ ሐሳቡን ያቀርባል። የክፍያ መግለጫው ከፋይናንስ ክፍል ለብቻው ይደርስዎታል። የ2ኛው ሴሚስተር የአጋማሽ ፈተና ውጤት እንደተለቀቀ፣ የሴሚስተሩን መጨረሻ ሳንጠብቅ፣ የቁጥር ትንተና ዘዴዎች ውጤቷን በአጭር ደብዳቤ እንልክልዎታለን።

ከሰላምታ ጋር

የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ

አባሪ፦ በሬጅስትራር ማኅተም የተረጋገጠ የውጤት መግለጫ 1 ገጽ፣ የክፍል ክትትል ማጠቃለያ 2 ገጽ

ግልባጭ፦
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ለአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል
ለተማሪዋ