የሥራ ልምድ ማጠቃለያ፦ ለፕሮጀክት አስተባባሪነት

በሂሳብ ሙያ ጀምሬ ወደ ፕሮጀክት አስተባባሪነት የመጣሁ ባለሙያ ነኝ። በአጠቃላይ የ10 ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ። ከዚህ ውስጥ 4ቱን ዓመት በሰሜን ሸዋ ዞን በንጹሕ መጠጥ ውሃና በትምህርት ቤት ንጽህና ፕሮጀክቶች አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ፕሮጀክት የ640,000 ዶላር ሲሆን ከሐምሌ 2014 እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. በሦስት ወረዳዎች ተካሂዷል፤ በባሶና ወራና፣ በአንጎለላና ጠራ እና በሲያደብርና ዋዩ። በጀቱን አቅጄ፣ ወጪውን ተከታትዬ፣ ሪፖርቱን ጽፌ ዘግቼዋለሁ። በማስታወቂያችሁ ላይ በጀትንና ለባለድርሻ አካላት የሚቀርብ ሪፖርትን ደጋግማችሁ ጠቅሳችኋል። እኔም በእነዚህ በሁለቱ ላይ አተኩራለሁ።

በ2007 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዣለሁ። ሥራ የጀመርኩት በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቫውቸር አዘጋጅቻለሁ፣ ፔሮል ሠርቻለሁ፣ ሰኔ ላይ እስከ ሌሊት ድረስ ሂሳብ ዘግቻለሁ። ከዚያ በአንድ አገር በቀል ድርጅት የፋይናንስ ረዳት፣ ቀጥሎም የፋይናንስ ኦፊሰር ሆንኩ። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ብዙ አስተባባሪ በጀትን የሚያውቀው ፋይናንስ ክፍል ከሚልክለት ወረቀት ላይ ነው። እኔ ግን ከደረሰኙ ነው የተነሳሁት። አንድ የውሎ አበል ቅጽ ላይ ፊርማ ሲጎድል ወይም የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ሲዘገይ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ምን እንደሚያስከትል አውቀዋለሁ።

በጀት የማቅደው ከእንቅስቃሴው ተነስቼ ነው። አንድ ምንጭ ለማጎልበት ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ጉዞ አሸዋ፣ ስንት ቀን ግንበኛ እንደሚያስፈልግ ከወረዳው የውሃ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለን እንቆጥራለን። ዋጋውን ካለፈው ዓመት ሰነድ ላይ አልገለብጥም፤ ከገበያው ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ። የአስተዳደር ወጪን በተመለከተ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያስቀመጠውን የ20 በመቶ ጣሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ በየወሩ እከታተላለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጥሮ መደንገጥ ማንንም አይጠቅምም። በየወሩ 5ኛው ቀን ላይ የእቅድና የክንውን ንጽጽር ለቡድኑ አቀርባለሁ። ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ያለው የበጀት መደብ ሁሉ በጽሑፍ ማብራሪያ ይሰጥበታል። የሦስት ዓመቱ አጠቃላይ የበጀት አፈጻጸም 98 በመቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 71 በመቶ ላይ ቀርተን ነበር፤ ግዥው በመዘግየቱ። ይህንንም ለለጋሹ ያሳወቅሁት ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መጥፎ ዜና የሚነገረው ገና መላ እያለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን አሠራሬን በደንብ የፈተነው ሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከለጋሹ ገና ያልተላከልን 190,000 ዶላር ቀሪ በጀት ነበር። ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቢሮ ውስጥ አንዳንዱ ብሩ በዛልን ብሎ ደስ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ሊወደድ ነው ብሎ ተጨነቀ። እኔ ቀሪዎቹን 43 የበጀት መስመሮች በሦስት የምንዛሪ ግምት፣ በ75፣ በ90 እና በ110 ብር፣ መልሼ አሰላሁ። ለስድስት አቅራቢዎች ደወልኩ። የኤችዲፒኢ ቧንቧ ዋጋ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ነበር። በአራተኛው ቀን ለለጋሹ የሁለት ገጽ ማስታወሻ ላክሁ። የምንዛሪ ልዩነቱ የድርጅቱ ትርፍ እንዳልሆነ፣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ እንደሆነ በግልጽ ጻፍኩ። የዋጋ ጭማሪውን ከሸፈንን በኋላ ምን ያህል ሊተርፍ እንደሚችልም ለእያንዳንዱ ግምት ለይቼ አስቀመጥኩ። አራት ተጨማሪ ምንጮችና የአንድ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ጠየቅን። ሦስት ምንጮችና መጸዳጃ ቤቱ ተፈቀዱ። ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ አንድም ግዥ አልፈጸምንም። በእቅዱ 27 የነበሩት ምንጮች 30 ሆነው ተጠናቀቁ።

ሪፖርትን በተመለከተ፣ የእኔ ሪፖርት ሦስት ዓይነት አንባቢ አለው። ለጋሹ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጆች ሩብ ዓመት ይፈልጋል። የዞንና የወረዳ ፋይናንስ፣ ውሃ፣ ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶች በአማርኛ፣ ከሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት ይፈልጋሉ። የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ደግሞ በቃልና በዓይን ማየት ይፈልጋል። ለሦስቱም ቁጥሩ አንድ ነው። አቀራረቡ ግን ይለያያል፤ ችግርም የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ የለጋሹ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት መጋቢት 22 ላይ ሲዘጋ የመንግሥት ሦስተኛ ሩብ ዓመት የሚዘጋው መጋቢት 30 ነው። በመካከሉ ባሉት ስምንት ቀናት ለተቋራጭ የተከፈለ ገንዘብ በአንዱ ሪፖርት ላይ አለ፣ በሌላው ላይ የለም። አንድ የዞን ባለሙያ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ፣ የሁለት ድርጅት ሂሳብ ነው ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ በሁለቱም ሪፖርቶች ግርጌ አንድ የማስታረቂያ ሰንጠረዥ አስገባሁ። የክፍያው ቀን፣ የቫውቸሩ ቁጥር፣ መጠኑና በየትኛው ሩብ ዓመት እንደሚታይ ይገለጽበታል። ከዚያ ወዲህ በዞኑ የግምገማ ስብሰባ ላይ የቁጥር ክርክር ተነስቶ አያውቅም፤ ጊዜያችን የሚያልፈው በሥራው ላይ በመነጋገር ነው።

የቀበሌውን ሪፖርት ከሌሎቹ አሳንሼ አላየውም። ምንጩ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰፊ ወረቀት ሰቅለን አምስት መስመር ብቻ እንጽፋለን፦ ቧንቧ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የሠራተኛ ክፍያ፣ ቀሪ። በሁለተኛው ዓመት በአንድ ቀበሌ ይህን ሳቀርብ የኮሚቴው አባል የሆኑ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ አሸዋ የመጣው 12 ጊዜ ነው። እኔው ነኝ የቆጠርኩት፤ መኪናው የሚቆመው በደጄ ነው» አሉ። ወረቀቱ ላይ 14 ነበር የተጻፈው። ወዲያው ክፍያውን አስቆምኩ፣ የመረካከቢያ ቅጹን አስመጣሁ፣ ሁለቱ ጉዞዎች ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሄዱ ተረጋገጠ። የ9,000 ብር ጉዳይ ነበር። ከገንዘቡ በላይ ግን ትልቅ ትምህርት ሆነልኝ። ከዚያ ጀምሮ የአሸዋና የድንጋይ መረካከቢያ ላይ የውሃ ኮሚቴው ፊርማ እንዲኖር አደረግሁ፤ ያለ እሱ ክፍያ አይወጣም።

የሠራሁትን ስህተትም እዚሁ ማንሳት ይገባኛል፤ ምክንያቱም አሁን ያለኝ የቁጥጥር ሥርዓት የመጣው ከእሱ ነው። በአስተባባሪነት በመጀመሪያው ዓመቴ ለአንድ ተቋራጭ የተሰጠ የ186,000 ብር ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ አምስት ወር ቆየ። ገንዘቡ አልጠፋም፣ ሥራውም ተሠርቷል፤ ሰነዱን ግን በጊዜው አልተከታተልኩም። የውጭ ኦዲተር ግኝት አድርጎ ጻፈው። ልክ ነበር። ያን ጊዜ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያን በስም፣ በቀንና በመጠን የሚያሳይ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራሁ። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት ከፋይናንስ ኦፊሰሩ ጋር እናየዋለን። 15 ቀን ያለፈው ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ያለበት ሰው አዲስ ቅድመ ክፍያ አያገኝም፣ እኔን ጨምሮ። ቀጣዮቹ ሁለት ኦዲቶች ያለ ግኝት ተጠናቀዋል።

በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸውና መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት ሪፖርታችን ጊዜውን ጠብቆ ደርሷል። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ በአውቶቡስ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የተጓዝኩበት ጊዜ አለ። ወደ ቀበሌ መውጣት ሲያቅት ደግሞ ከኮሚቴዎቹ ጋር በስልክ እየተደዋወልን የሥራውን ደረጃ መዝግበናል፤ በአካል ያላረጋገጥነውን «በስልክ የተገኘ» ብለን ለይተን ጽፈናል። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ አልጽፍም።

ፒችትሪና ኤክሴል በየቀኑ የምሠራባቸው ናቸው። አማርኛ የአፍ መፍቻዬ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ኦሮምኛ ለመግባባት ያህል እናገራለሁ። አራት ሠራተኞችን በቀጥታ እመራለሁ። እስካሁን በአንድ ጊዜ ያስተዳደርኩት የሁለት ለጋሾችን በጀት ነው። ማስታወቂያችሁ ሦስት ይላል። የሦስተኛውን የወጪ ደንብና የሪፖርት ቅጽ አስቀድማችሁ ብትሰጡኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሦስቱንም የበጀት መደቦች ከአንድ የሂሳብ መደብ ዝርዝር ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ። በሁለቱ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

አሁን ያለሁበት ውል ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል። የመዝጊያ ሪፖርቱን፣ የንብረት ዝርዝሩንና የባንክ ማስታረቂያውን አስረክቤ ከሐምሌ 13 ጀምሮ ሥራ መጀመር እችላለሁ። የኦዲት ሪፖርቶቹን፣ የሐምሌ 2016ቱን የበጀት ማስታወሻና አንድ የማስታረቂያ ሰንጠረዥ ድርጅቴን አስፈቅጄ ለቃለ መጠይቅ ይዤ እቀርባለሁ።