ስለ ሦስቱ ስፌቶች፦ በፎቶው ፋንታ

ሐረር፣ ጁገል
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አልማዝ፤

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?

«ፎቶዎቹ የት ገቡ? ቀብዴን ከላክሁ በኋላ ነው እንዴ የሚጠፉት?» ያሉትን መልእክት ትናንት ማታ አየሁት። አልፈርድብዎትም። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ፎቶዎቹን ያነሳሁትም እኔ ነኝ፣ ከቴሌግራሙ ያነሳሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፌቶቹን የሰፉት እናት ሰፈራችን ውስጥ ናቸው። እኔ ተቀብዬ ነው የምሸጥላቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጃቸው የእሳቸውን ሐረግ፣ መስመሩ ሳይዛነፍ፣ ሌላ ሻጭ ዘንድ በላስቲክ ምንጣፍ ላይ ታትሞ አየችው። ከየት እንደተወሰደ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። እሳቸው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉኝ፦ «ስፌቱ ይሸጥ፣ ፎቶው ይውረድ።» ለእርስዎ ለብቻዎ ልልክ እችል እንደሆነም ጠየቅኋቸው። እምቢ አሉ። ሥራው የእሳቸው ነውና ቃላቸውን አከበርኩ። ለእርስዎ ቀድሜ አለመንገሬ ግን ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንግዲህ እቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ሜትር ይዤ፣ እያየሁ ልጻፍልዎት። እናትየዋ ይህን እንደማይከለክሉኝ አረጋግጫለሁ። «በወሬ ስፌት አይሰፋም» ብለው ስቀዋል።

ትልቁ የግድግዳው ነው፣ ሰፌድ መሰሉ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ብርቱካን የሚያክል ጥቁር ክብ አለ። ከእሱ ስምንት ጨረሮች ይወጣሉ፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ እየሆነ። በጨረሮቹ መካከል ያለው ስንደዶ ቀለም አልነካውም፤ የደረቀ ገለባ መልክ ነው ያለው። ፎቶው ላይ ቀዩ እንደ በርበሬ ደማቅ ይመስል ነበር፤ የሱቄ አምፖል ነው ያሳሳተዎት። በቀን ብርሃን ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል። ከውጭ ስትቆጠር ሦስተኛዋ ዙር ላይ አራት ጣት የሚያህል ቦታ አረንጓዴው ይፈዛል። ቀለም አልቆባቸው ሌላ በጥብጠው ነው የቀጠሉት። እኔ እሱን ቦታ እወደዋለሁ፤ እርስዎ ካልወደዱት ግን አሁኑኑ ይወቁት።

ሁለቱ ሙዳዮች ጥንድ ናቸው። ከነክዳናቸው 26 ሴንቲ ሜትር ይቆማሉ፤ ወገባቸው በአንድ እጅ ይጨበጣል። ክዳናቸው ሾጣጣ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የቆዳ ቋጠሮ አለው። ዙሪያውን ዛጎል ተሰፍቶበታል። የአንደኛው 12 ነው፤ የሁለተኛው 11፣ ምክንያቱም አንዱ ወድቆ ቦታው ክር ብቻ ቀርቷል። ከፎቶው ላይ ይህ አይታይም ነበር፤ ጎዶሎውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር ያነሳሁት። አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም። በዚያ ምክንያት ከጥንዱ ዋጋ 200 ብር ቀንሻለሁ።

ስፌታቸው ጥብቅ ነው። በወስፌ ተወግቶ የገባው ዙር ከዙር ጋር ስለሚጣበቅ፣ ጣትዎን ሲያሳልፉበት ይሻክራል እንጂ አይወጣም። በጥፍር መታ ቢያደርጉት እንደ ደረቅ ቅል ይጮሃል። ስከፍታቸው የዕጣን ጢስ ይሸታሉ፤ እናትየዋ ሲሰፉ ዕጣን አጠገባቸው አይጠፋምና። ሽታው ግን እየቆየ ይጠፋል፣ ለእሱ ብለው አይግዙ።

ውሃ እንዳይነካቸው አደራ። ቀለሙ ይለቅና ገለባው ላይ ይሄዳል። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይም አይስቀሏቸው።

ዋጋው ለትልቁ 3,500 ብር፣ ለጥንዱ 2,600 ብር ነው። ቀብድዎ 2,000 ብር እኔ ጋ ነው። ይህን አንብበው ከተስማሙ ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ፤ የጭነቱን እኔ እችላለሁ። እቃው ደርሶ ከጻፍኩት አንድ ነገር የተለየ ካገኙበት መልሰው ይላኩት፣ ገንዘብዎን በሙሉ እመልሳለሁ። ይህን ደብዳቤ ለዚያ ያስቀምጡት። ሐሳብዎ ከተለወጠም ይደውሉልኝ፣ ቀብዱን በዚያው ቀን አስገባለሁ። አልቀየምም።

ሐረር ከመጡ ደግሞ ሱቄ መኪና ግርግር ላይ ነው። ልብስ ሰፊዎቹን ሲያልፉ ሰማያዊ በር ያለው። ቡና አፈላለሁ፣ እኚያን እናትም እጠራልዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፈትያ