የሥራ ሰዓት ባለማክበር የተሰጠ ሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ ሰኃ/203/17

ለአቶ ዮናስ ተፈራ
የማሸጊያ መስመር 2 ኦፕሬተር፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥር 0317
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓትን በተደጋጋሚ አለማክበርን ይመለከታል

ከኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በብስኩት ፋብሪካችን በኦፕሬተርነት ተቀጥረው እየሠሩ መሆኑ ይታወቃል። በሥራ ውልዎ አንቀጽ 4 መሠረት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00 እና ከቀኑ 7፡00 እስከ 11፡00 ይሠራሉ። ይህም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የፋብሪካው የሥራ ደንብ አንቀጽ 17 የ10 ደቂቃ ይቅርታ ስለሚፈቅድ መዘግየት ተብሎ የሚመዘገበው ከ2፡10 በኋላ የሆነ መግቢያ ብቻ ነው። የደንቡን ቅጂ በተቀጠሩበት ቀን ፈርመው ተቀብለዋል። ቅጂው በግል ማኅደርዎ አለ፤ በልብስ መቀየሪያው በር ላይም ተለጥፏል።

ኅዳር 13፣ ታኅሣሥ 3 እና ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘግይተው በመግባትዎ በቁጥር ሰኃ/118/17 በታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልዎት በማግስቱ ፈርመው ተረክበዋል። እነዚህን 3 ቀናት እዚህ የምንጠቅሰው የነገሩን አመጣጥ ለማሳየት ነው። ከማስጠንቀቂያው በፊት የሆኑ በመሆናቸው ከዚህ በታች ባለው ድምር ውስጥ አልገቡም።

ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በኋላ በሚከተሉት 5 ቀናት ዘግይተው ገብተዋል፦

ማክሰኞ ጥር 6 ቀን 2017፣ የገቡት 2፡24፣ የዘገዩት 24 ደቂቃ
ማክሰኞ ጥር 27 ቀን 2017፣ የገቡት 2፡37፣ የዘገዩት 37 ደቂቃ
ሰኞ የካቲት 10 ቀን 2017፣ የገቡት 2፡19፣ የዘገዩት 19 ደቂቃ
ረቡዕ የካቲት 26 ቀን 2017፣ የገቡት 3፡05፣ የዘገዩት 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ
ሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2017፣ የገቡት 2፡31፣ የዘገዩት 31 ደቂቃ

ደቂቃው የተቆጠረው ከ2፡00 ጀምሮ ሲሆን ድምሩ 2 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ምንጩ በዋናው በር ያለው የጣት አሻራ መመዝገቢያ ነው። መሣሪያው ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት ስለሚያትም (ለምሳሌ የጥር 6ቱ በወረቀቱ ላይ ጃንዩዋሪ 14፣ 08፡24 ይላል) ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የተጻፉበት ዝርዝር ከዋናው ህትመት ጋር በአባሪ 1 ተያይዟል። የመሣሪያው ሰዓት በየሰኞው በጥገና ክፍል ይመሳከራል። በመዝገቡ እንደሚታየው በእነዚህ ሳምንታት የተገኘው ልዩነት ከ1 ደቂቃ አይበልጥም። ከአምስቱ አጭሩ መዘግየት 19 ደቂቃ ስለሆነ ይህ ልዩነት በውጤቱ ላይ ለውጥ አያመጣም። በበሩ ላይ ሰልፍ ይኖራል የሚለውም የተለመደ አቤቱታ ነው፤ የ10 ደቂቃው ይቅርታ የተሰጠው ለዚሁ ነው።

ሦስት ሌሎች ቀናት ሆን ተብለው ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ጥር 16 ዘግይተው የመጡት ከጤና ጣቢያ የምርመራ ወረቀት ይዘው ስለሆነ በበቂ ምክንያት ተይዞልዎታል። የካቲት 4 መብራት ጠፍቶ መሣሪያው አልሠራም፤ በጥበቃ መዝገብ ላይ 2፡40 ተብሎ ቢጻፍም የእርስዎ ፊርማ ስለሌለበት አልቆጠርነውም። የካቲት 19 የገቡት 2፡08 ነው፤ ይህ በይቅርታው ውስጥ ነው።

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡00 ላይ የፈረቃ ተቆጣጣሪዎ አቶ ግርማ አበበ እና እርስዎ የመረጧቸው የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ወይዘሮ አልማዝ ደሳለኝ ባሉበት ቃልዎን ሰጥተዋል። ቃለ ጉባኤውን አንብበው ፈርመዋል (አባሪ 2)። አምስቱን ቀናት መዘግየትዎን አልካዱም። ያቀረቧቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው፣ ከጥር ወር መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በመዛወርዎ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ይይዝዎታል። ችግሩ እውነት መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ቤት መቀየር አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የሥራ ደንቡም ሆነ የኅብረት ስምምነቱ የመጓጓዣ እጥረትን በበቂ ምክንያትነት የሚይዙት መንገድ ሲዘጋ ወይም የፋብሪካው ሰርቪስ ሲበላሽ ነው። በተጠቀሱት ቀናት ሁለቱም አልተከሰቱም። ስለዚህ ይህን ምክንያት አልተቀበልነውም።

ሁለተኛው የካቲት 26ን ብቻ የሚመለከት ነው። ሌሊት ልጅዎ ታሞ ሐኪም ቤት ማደርዎን ተናግረዋል። በዕለቱ ግን ስልክ አልደወሉም፣ መልእክትም አልላኩም፣ እስከ ዛሬም ወረቀት አላመጡም። ይህን ያለ ማስረጃ መቀበልም፣ ለማስረጃ ጊዜ ሳይሰጡ መጣልም ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። እስከ ረቡዕ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡00 ድረስ ከሐኪም ቤቱ የካርድ ወይም የምርመራ ማስረጃ ካቀረቡ የካቲት 26 ከዝርዝሩ ይሰረዛል፣ ድምሩም ወደ 4 ይወርዳል፤ ይህም በጽሑፍ ይገለጽልዎታል። ማስረጃው ካልቀረበ ቁጥሩ 5 እንደሆነ ይጸናል።

መስመር 2 የሚነሳው 2፡15 ላይ ነው። ምድጃው ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ ኦፕሬተር ከሌለ የተጋገረው ብስኩት ማቀዝቀዣው ላይ ተከማችቶ ይሰባበራል። የካቲት 26 ተተኪ ባለመገኘቱ መስመሩ የተነሳው 3፡10 ላይ ነው፤ 55 ደቂቃ ቆሟል (የምርት መዝገብ፣ አባሪ 3)። በቀሩት አራት ቀናት የመስመር 1 ረዳት ተስቦ ሸፍኖልዎታል። ይህን የምንጽፈው ኪሳራ ለማስከፈል አይደለም። ለአምስቱ ቀናት ከደመወዝዎ የተቆረጠ ገንዘብ የለም፣ አይቆረጥምም፤ በእነዚህ ቀናት የተወሰደው እርምጃ ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት፣ በሥራ ውልዎ አንቀጽ 4፣ በሥራ ደንቡ አንቀጽ 17 እና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 13 የተጣለብዎትን ግዴታ ባለመወጣትዎ ሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። የአዋጁ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 1(ሀ) በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ጊዜ ውስጥ በድምሩ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። የእርስዎ የ6 ወር ጊዜ ከጥር 6 እስከ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የጥር 6ቱ ከድምሩ ይወጣል፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው 6 ወር ሲሞላቸው ይወጣሉ። ስለዚህ አሁን ያሉት 5 ላይ ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው በተከሰቱ ቁጥር በጽሑፍ ይገለጽልዎታል። በጊዜው ውስጥ ስምንተኛው ያለ በቂ ምክንያት ከተከሰተ ግን ድርጅቱ በሕጉ የተሰጠውን ውል የማቋረጥ መብት ሊጠቀም ይችላል። ይህ ደብዳቤ የስንብት ደብዳቤ አይደለም። ደመወዝዎ፣ የዓመት ፈቃድዎና የሥራ መደብዎ ሁሉም እንደነበሩ ናቸው።

ከነገ መጋቢት 12 ጀምሮ የሚጠበቅብዎት 2፡00 ላይ የሥራ ልብስ ለብሰው መስመር 2 ላይ መገኘት ነው። የ10 ደቂቃው ይቅርታ ለአልፎ አልፎ እንጂ የመግቢያ ሰዓት 2፡10 ነው ማለት አይደለም። የሚያዘገይዎ ነገር ከገጠመዎት ከ1፡45 በፊት ለአቶ ግርማ በሥራ ስልካቸው ይደውሉ ወይም አጭር መልእክት ይላኩ። መልእክቱን አያጥፉት፣ በኋላ ማስረጃዎ እሱ ነው። ለሥራ ባልደረባ «ንገርልኝ» ማለት እንደ ማሳወቅ አይቆጠርም። ከገቡ በኋላ በዕለቱ የመዘግየት ቅጹን ሞልተው ማስረጃውን በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ያስገቡ።

በቃልዎ ወቅት እንዳነሳነው ቁጥር 3 ሰርቪስ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ 1፡10 ላይ ይነሳል። ባለፉት 30 ቀናት ፋብሪካ የደረሰው ከ1፡50 አልዘገየም። መቀመጫ አለ፤ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው የስምዎ መጻፍ ብቻ ነው። ምዝገባው በፈቃድዎ ነው፣ አለመመዝገብዎም እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ተሳፍረው ሰርቪሱ ራሱ ቢዘገይ ግን ያ ቀን አይቆጠርብዎትም። ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአቶ ግርማ ጋር የመግቢያ መዝገብዎን አብረን እናያለን።

በዚህ ውሳኔ ቅር ከተሰኙ እስከ መጋቢት 17 ድረስ ለዋና ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ፤ መልሱ በ5 የሥራ ቀናት ይሰጥዎታል። ማኅበሩን ማማከርም ሆነ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራ ክርክር ሰሚ አካል ማቅረብ መብትዎ ነው። ቅሬታ ማቅረብዎ በማናቸውም ሁኔታ በእርስዎ ላይ አይያዝም። በመስመር 1 እና 2 ላሉ ሠራተኞች ሁሉ ተመሳሳዩ የመግቢያ መዝገብ ለተመሳሳይ ወራት ተመርምሮ ተመሳሳዩ አሠራር ተተግብሯል።

ከሰላምታ ጋር

ሰላማዊት ኃይሉ
የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
(ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም አለበት)

አባሪ፦ 1. የመግቢያ መዝገብ ህትመትና የአቆጣጠር ንጽጽር፣ 3 ገጽ፤ 2. የመጋቢት 9 ቃለ ጉባኤ፣ 2 ገጽ፤ 3. የየካቲት 26 የምርት መዝገብ፣ 1 ገጽ

ግልባጭ፦ ለምርት ክፍል ኃላፊ፤ ለመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር፤ ለግል ማኅደር 0317

የርክክብ ማረጋገጫ

ይህ ፊርማ ደብዳቤውና 6 ገጽ አባሪው መድረሱን እንጂ በይዘቱ መስማማትን አያሳይም። ሠራተኛው ለመፈረም ፈቃደኛ ካልሆነ ደብዳቤው በሁለት ምስክሮች ፊት ተነቦለት እንደደረሰው ይመዘገባል።

የሠራተኛው የእጅ ጽሑፍ፦ «ደብዳቤውና አባሪው ደርሶኛል። የየካቲት 26ቱን አልቀበልም፤ የልጄን የሐኪም ቤት ካርድ አቀርባለሁ። ሰርቪስ መዝግቡኝ። ዮናስ ተፈራ፣ ፊርማ፣ 11/07/2017፣ ከቀኑ 9፡40።»

ያስረከበችው፦ ሰላማዊት ኃይሉ፣ ፊርማ። በቦታው የነበሩ፦ ግርማ አበበ፣ ፊርማ፤ አልማዝ ደሳለኝ፣ ፊርማ።