አክት እና ሩል ዩቲሊታሪያኒዝም፦ ሰውን ለማዳን የተዋሸ ውሸት

እህቴ፣ የላክሽልኝን ጥያቄ አየሁት። «አንዲት ሴት ከሚደበድባት ባሏ አምልጣ ጎረቤት ቤት ተደበቀች። ባልየው ቢላ ይዞ መጥቶ ‹እዚህ ናት ወይ?› ሲል ጎረቤቷ ‹ኧረ አላየኋትም› አለችው። ይህን ውሸት አክት እና ሩል ዩቲሊታሪያኒዝም እንዴት ያዩታል? 5 ማርክ።» አንቺ የጻፍሽው «አክት ዋሺ ይላል፣ ሩል አትዋሺ ይላል» ነው። ብዙ ተማሪ እንዲህ ነው የሚመልሰው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስህተት ነው፤ ማርክ የሚበላውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚያመሳስላቸውን ያዢ። ዩቲሊታሪያኒዝም ትክክልና ስህተት የሚለካው በሰዎች ደህንነት ላይ በሚመጣው ውጤት ነው የሚል የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ነው፤ አክት ማለት ድርጊት፣ ሩል ማለት ደንብ ሲሆን ሁለቱ የእሱ መልኮች ናቸው። ለሁለቱም የመጨረሻው መለኪያ ውጤት ነው፣ የሁሉም ሰው ደህንነት እኩል ተቆጥሮ፣ የባልየውም ሳይቀር። ልዩነቱ ምኑ ነው የሚመዘነው የሚለው ላይ ነው። አክት ይህችን አንዲት ውሸት ይመዝናል፦ አሁን፣ እዚህ በር ላይ፣ ብትዋሽ ምን ይሆናል፣ እውነቱን ብትናገር ምን ይሆናል፣ ዝም ብትልስ? ሩል ግን ውሸቷን በቀጥታ አይመዝንም። የሚመዝነው ደንብ ነው። ሰው ሁሉ ቢቀበለው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት የሚያመጣው ደንብ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ድርጊቱ ከዚያ ደንብ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም ይላል።

እንግዲህ ደንቡ የትኛው ነው? «በፍጹም አትዋሹ» ነው ያለሽ ማን ነው? «አትዋሹ፣ ነገር ግን ንጹህ ሰው ሊጎዳ የመጣን ሰው ለማስቆም ሌላ መንገድ ከጠፋ ዋሹ» የሚለው ደንብ ብዙ ሕይወት ያተርፋል። በሰው መካከል ያለውን መተማመንም አያናጋም፣ ምክንያቱም ቢላ ይዞ የመጣ ሰው ባያምነን ማንም አይከስርም። ስለዚህ ሩልም ጎረቤቷ ልክ ናት ሊል ይችላል። ከዩቲሊታሪያኒዝም ዋና ፈላስፎች አንዱ የሆነው ጆን ስቱዋርት ሚል ራሱ በ1861 ሲጽፍ እውነት የመናገር ደንብ ከባድ ክብር ቢኖረውም ልዩ ሁኔታ አለው ብሏል፤ ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ለክፉ አድራጊ መረጃ መከልከል ነው። «ለገዳይም ቢሆን አትዋሽ» ያለው ፈላስፋው ካንት ነው፣ በ1797። ካንት ደግሞ ዩቲሊታሪያን አይደለም! እባክሽ ይህን አትቀላቅዪ።

«ታዲያ ሁለቱም አንድ መልስ ከሰጡ ምን ለያቸው?» ትያለሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉዳዩን ትንሽ ቀይሪው። ጓደኛሽ ፈተና ላይ ሲኮርጅ ተያዘ፣ አንቺ «አልኮረጀም፣ አጠገቡ ነበርኩ» ብለሽ ብትመሰክሪ ከመባረር ይድናል፣ ማንም መቼም አያውቅም እንበል። አክት ሒሳቡን ይሠራል፣ እና ጉዳቱ ከጥቅሙ ካነሰ ዋሺ ከማለት ወደኋላ አይልም። ሩል እዚህ ጋ እምቢ ይላል፦ «ለወዳጅህ ስትል በሐሰት መስክር» የሚል ደንብ ሁሉም ቢይዝ ምስክርነት የሚባል ነገር ዋጋ አይኖረውም፣ በሐቅ ያጠናውም ይጎዳል። የአንቺ ውሸት ባይታወቅም ለውጥ የለውም፣ የሚመዘነው ደንቡ ነውና። እዚህ ላይ ነው መንገዳቸው በግልጽ የሚለያየው።

ሁለቱም የሚያማቸው ቦታ አለ። አክት በዚያች ደቂቃ፣ በድንጋጤ፣ ውጤቱን በትክክል መገመት ትችላለሽ ብሎ ያስባል፣ ለራሳችን ስናዳላም አይቆጣጠረንም። ሩልን ደግሞ ስማርት የተባለው ፈላስፋ በ1956 ደንብ ማምለክ ነው ብሎታል፦ ደንቡን መጣስ ሰው እንደሚጠቅም በግልጽ እያወቅሽ ለምን ትከተዪዋለሽ? ልዩ ሁኔታ እየጨመርሽ ከሄድሽ ደግሞ ደንቡ አክት ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ያርፋል። እኔ በበኩሌ ሩል ወደ እውነት ይቀርባል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም መተማመን በአንድ ውሸት ሒሳብ ውስጥ ቶሎ አይታይም። ፈተናው ግን የግል አቋም ካልጠየቀሽ አታስገቢው።

እኔ ብሆን ለ5 ማርክ ይህን እጽፋለሁ፦

«ሁለቱም ድርጊትን የሚዳኙት በመጨረሻ በውጤት ነው። አክት ዩቲሊታሪያኒዝም የዚህችን አንዲት ውሸት ውጤት በቀጥታ ያያል። ውሸቷ የሴትየዋን ሕይወት ስለሚያተርፍና ጉዳቷ ትንሽ ስለሆነ ትክክል ናት፤ እንዲያውም ግዴታ ናት። ሩል ዩቲሊታሪያኒዝም በመጀመሪያ ሁሉም ቢቀበለው የተሻለ ውጤት የሚያመጣውን ደንብ ይፈልጋል። ደንቡ ‹በፍጹም አትዋሹ› ከሆነ ውሸቷ ስህተት ናት፤ ‹ንጹህ ሰውን ከጥቃት ለማዳን ካልሆነ በቀር አትዋሹ› ከሆነ ግን ትክክል ናት። ሁለተኛው ደንብ መተማመንን ሳይጎዳ ሕይወት ስለሚያድን የተሻለ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ፍርድ ላይ ቢደርሱም ምክንያታቸው ይለያያል።»

ጊዜ ከተረፈሽ የኩረጃውን ምሳሌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። የጠየቁሽ ልዩነቱን ስለሆነ እሱ በደንብ ያሳየዋል።